አዲስ አምፖል ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል፦ የፊት መብራቴን የጨረሰው ምን ነበር?

የመኪናችሁ የፊት መብራት አምፖል በተደጋጋሚ እየተቃጠለ ካስቸገራችሁ፣ ሌላ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ፤ የሚቃጠለው ሁልጊዜ አንደኛው ጎን ብቻ ነው ወይስ ቀኙም ግራውም? የዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋውን ከግማሽ በላይ ያሳጥረዋል። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው መብራቱ አካባቢ ነው፦ አቀማመጡ፣ ሶኬቱ፣ ንዝረቱ ወይም የገባ ውሃ። ሁለቱም ከሆኑ ግን ሁለቱም የሚጋሩትን ነገር መፈለግ አለባችሁ። ሁለቱም የሚጋሩት ደግሞ ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልቴጅ ነው።

የእኔ መኪና ችግር ሁለተኛው ዓይነት ነበር። መጀመሪያ የግራው ሄደ፣ ቀየርኩት። ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ተከተለ። ከዚያ አዲሱ የግራ ራሱ ደገመ። አምፖሉን የሸጠልኝ ሰው «ፎርጅድ ገዝተህ ይሆናል፣ ኦሪጅናሉን ውሰድ» አለኝ። የማውቀው አንድ መካኒክ ደግሞ «የኔጋቲቭ መስመሩ ደካማ ነው፣ አምፖል የሚበላው እሱ ነው» ብሎ ደመደመ። ሁለቱም አባባሎች በብዛት የሚሰሙ ስለሆኑ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ አቀያየሩ። መኪናዬ የሚወስደው ኤች4 የሚባለውን ሃሎጅን አምፖል ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክሮች ያሉት፣ አንዱ ለአጭር፣ ሌላው ለረጅም መብራት የሚሆን፣ ከኋላው ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች ያሉት ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን አውጥታችሁ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ። ሲሠራ የነበረ ሃሎጅን አምፖል ቆዳ የሚልጥ ሙቀት አለው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከመብራቱ ጀርባ ስትመጡ ሶኬቱን ታገኛላችሁ። ስትነቅሉት ገላውን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ከሥሩ ውሃና አቧራ የሚከላከል የጎማ ሽፋን አለ፣ እሱም ይላቀቃል። ከዚያ አምፖሉን አንቆ የያዘ የሽቦ መያዣ ይታያችኋል፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ጫን አድርጋችሁ ወደ ጎን ስታደርጉት ይለቃል።

አዲሱን ስታስገቡ ሁለት ነገሮች ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። አንደኛው ብርጭቆውን በጣት አለመንካት ነው። ብርጭቆው ተራ ብርጭቆ ሳይሆን ኳርትዝ ነው፤ ከጣት የተረፈ ቅባት ሲሞቅ ያንን ቦታ ከሌላው ለይቶ ያግለዋል፣ ኳርትዙም እዚያው ላይ ይደክማል፣ አንዳንዴም አብጦ ጉብ ይላል። የብረት መቀመጫውን ብቻ ይዛችሁ አስገቡ፤ ከተነካም ንጹሕ አልኮል ባስነካችሁት፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረጉትና ይድረቅ። ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። በመቀመጫው ዙሪያ ሦስት ጆሮዎች አሉ፣ አንደኛው ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ በትክክል የሚገባው በአንድ አኳኋን ብቻ ነው። ጠመም ብሎ በመያዣው ኃይል ብቻ የተያዘ አምፖል ይበራል፣ ግን ብርሃኑ ከፊት ለፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ጉድጓድ በተመታ ቁጥርም ይንቀጠቀጣል። ከገጠማችሁ በኋላ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁማችሁ የሁለቱን መብራቶች ቅርጽ አነጻጽሩ፤ የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ በአንዱ ጎን ተዛብቶ ከታየ አምፖሉ አልተቀመጠም ማለት ነው። የጎማ ሽፋኑም ዙሪያውን በደንብ መግጠም አለበት፤ ለላይ የሚሆነው ወገን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አለው።

የወጣውን አምፖል ግን አትጣሉት። ብዙ ሰው ተቃጥሏል ብሎ ወርውሮት ይረሳዋል፣ የሞቱን ምክንያት የሚናገረው ግን እሱ ነው። ወደ ብርሃን አንሡና ብርጭቆውንና ክሩን ተመልከቱ። ብርጭቆው ጥርት ብሎ ክሩ ብቻ ተበጥሶ ከሆነ፣ ወይ ዕድሜውን ጨርሷል ወይ ንዝረት ጎድቶታል፤ ገና አዲስ ከነበረ ንዝረትን ጠርጥሩ። ብርጭቆው ውስጥ ነጭ ወይም ቢጫ ዱቄት መሰል ነገር ከታየ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ስንጥቅ አለው ወይም መታተሚያው ላይ ለቋል፣ የጋለው የተንግስተን ክርም ኦክስጅን አግኝቶ ነዷል። የጋለ አምፖል ላይ የውሃ ጠብታ ማረፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ የታወቀ ምክንያት ነው። ብርጭቆው ላይ እብጠት ካለ የጣት ወይም የግሪስ ሥራ ነው። ውስጡ እንደ መስታወት ግራጫ ሆኖ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ ከክሩ ብዙ ተንግስተን ተንኖ ብርጭቆው ላይ ተለጥፏል፤ ይህ በረጅም ዕድሜ ይመጣል፣ ወይም አምፖሉ ከተሠራበት ቮልቴጅ በላይ ሲነዳ።

ከእኔ መኪና የወጡት አምፖሎች፣ ከቀኝም ከግራም፣ ግራጫ ነበሩ። ዕድሜ እንዳይባል ገና አዲስ ናቸው። ንዝረት እንዳይባል ሁለቱም ጎን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሞቱት። እዚህ ላይ ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም ትርጉም ያገኙ ጀመር፤ የሰሌዳው መብራት በቅርቡ ተቃጥሎ ነበር፣ የባትሪው ውሃም ከወትሮው ፈጥኖ ይጎድል ነበር። ማታ ነዳጅ ስረግጥ መብራቱ ደመቅ፣ ስለቅቅ ፈዘዝ ይል እንደነበርም አስታወስኩ። ባትሪ ሲደክም መብራት እንደሚፈዝ ሁሉም ያውቃል፤ መብራት ከልክ በላይ ሲደምቅ ግን «ጎበዝ መኪና» ተብሎ ይታለፋል።

ቮልቴጅ አምፖልን እንዴት እንደሚጨርስ ለመረዳት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። የመኪና ሃሎጅን አምፖል ላዩ ላይ 12 ቮልት ይባል እንጂ ብርሃኑና ዕድሜው የሚለካው በ13.2 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ ቮልቴጁ በ5 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል የክሩ ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ15 በመቶ ከፍ ካለ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ብርሃኑ ይጨምራል፣ ነጣ ይላል፣ ሰው ይወደዋል፤ ክሩ ግን በየሰዓቱ እየሳሳ ነው። ለዚህ ነው «ተጨማሪ ብርሃን» ተብለው የሚሸጡት አምፖሎች ከመደበኛው ቀድመው የሚሞቱት፤ ክራቸው ገና ከፋብሪካው ይበልጥ እንዲግል ተደርጎ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚገጠም ደማቅ አምፖል ጭራሽ ፈጥኖ ይሄዳል።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ብዙዎች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ ቀጥተኛ ቮልት፣ 20 ላይ አድርጉት። ሞተሩ ጠፍቶ ባረፈ ባትሪ ላይ የእኔ 12.6 አነበበ፣ ይህ ጤናማ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ሥራ ፈት ዙር ላይ 14.9 ሆነ። አንድ ሰው ነዳጅ ረግጦ ወደ 2000 ዙር ሲያደርሰው 15.6 ደረሰ። በአብዛኛው መኪና እዚህ ላይ የሚጠበቀው ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ነው፤ በጣም በቀዘቀዘ አየር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ 15.6 ግን አይሆንም። ይህን ስትለኩ እጅጌያችሁንና ሽቦዎቹን ከቀበቶውና ከማራገቢያው አርቁ።

ባትሪው ላይ ብቻ ለክቶ ማቆም ግን አይበቃም፤ አምፖሉ ራሱ ምን እየደረሰው እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ልኬት ይሳሳታል። ሶኬቱን ነቅለው ባዶውን ይለካሉ። ጭነት የሌለበት ሽቦ ደካማም ቢሆን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ስለዚህ አምፖሉ እንደተሰካና እንደበራ፣ የቴስተሩን ቀጫጭን ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ ከሽቦዎቹ ጎን አስገብታችሁ ለኩ። የእኔ በአጭር መብራት 15.2 ነበር። ከባትሪው በ0.4 ያንሳል፤ በሽቦ፣ በሪሌይና በማብሪያ ውስጥ ሲያልፍ እንዲህ ያለ መጠነኛ መቀነስ የተለመደ ነው። 15.2 ከ13.2 ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ብልጫ አለው። የግራጫው ብርጭቆ ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ።

የመካኒኩንም ሐሳብ የሚመልሰው ይኸው ልኬት ነው። ደካማ የኔጋቲቭ መስመር ወይም የዛገ ሶኬት ወደ አምፖሉ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የተቀነሰ ቮልቴጅ መብራቱን ያፈዘዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ የአምፖሉን ዕድሜ ግን ያረዝማል። በኤች4 ላይ ኔጋቲቩ ጨርሶ ከተቋረጠማ ኤሌክትሪኩ በሌላኛው ክር በኩል መንገድ እየፈለገ ሁለቱም ክሮች ደብዘዝ ብለው የሚበሩበት እንግዳ ነገር ይታያል። ልዩነቱ ግንኙነቱ ልል ሆኖ በየንቅናቄው የሚነካና የሚለቅ ሲሆን ነው። የቀዘቀዘ ክር የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ስለሆነ በበራ ቁጥር ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ጅረት ይስባል፤ ይህ በየመንገዱ ሲደጋገም ክሩን ይጎዳል፣ የሶኬቱንም ፕላስቲክ ያቀልጣል። እንዲህ ያለው ችግር ግን በአንድ ጎን የሚታይ ነው፣ ሶኬቱም ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ራሱን ያጋልጣል።

ቮልቴጁ ከፍ ማለቱ ከታወቀ በኋላ የተለመደው ውሳኔ «ዲናሞ ይቀየር» ነው። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ዲናሞው ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱ ሲበላሽ ዲናሞው ልጓም የሌለው ይሆናል። ነገር ግን ሬጉሌተሩ የሚቆጣጠረው የሚያየውን ነው። በብዙ መኪኖች ከባትሪው ወይም ከፊውዝ ሳጥኑ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ዲናሞው ይሄዳል፤ ሥራው ኃይል ማስተላለፍ ሳይሆን «ባትሪው አሁን ይህን ያህል ቮልት አለው» ብሎ ለሬጉሌተሩ መንገር ነው። ይህ ሽቦ መንገድ ላይ ቮልት ከጣለ፣ ሬጉሌተሩ ባትሪው ያነሰው ይመስለውና ይጨምርለታል። ሬጉሌተሩ ደህና ሆኖ ወሬው የተሳሳተ ይሆናል።

በእኔ መኪና የሽቦ ንድፍ ላይ ከዲናሞው ጀርባ ሦስት ሽቦ ያለው ትንሽ ሶኬት አለ፦ አንዱ ለዳሽቦርዱ የቻርጅ መብራት፣ አንዱ ከቁልፍ የሚመጣ፣ አንዱ ይኸው የሚለካው ሽቦ። ቀለሞቹ ከመኪና መኪና ስለሚለያዩ የራሳችሁን ንድፍ ሳታዩ አትንኩ። ሞተሩ እየሠራ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ይህን ሽቦ ለካሁ፤ 14.2 ቮልት። በዚያው ሰዓት ባትሪው 15.6 ነበር። ዲናሞው የሚያየውን 14.2 ላይ አክብሮ ይዞታል፤ ምስኪን ምንም አላጠፋም። የጠፋው 1.4 ቮልት በሽቦው መንገድ ላይ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ልኬትም ማረጋገጥ ይቻላል። አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሚለካው ሽቦ ላይ አድርጉ። በጤናማ መስመር ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ የእኔ 1.4 አሳየ። ከዚያ ሁለተኛውን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ወደ ባትሪው እያቀረብኩ ሄድኩ። ወደ ፊውዝ ሳጥኑ በሚገባው ወገን ዜሮ፣ ፊውዙን አልፎ በሚወጣው ወገን 1.4። ስለዚህ ቮልቱ የሚጠፋው ፊውዙ ላይ ነው።

የሚገርመው ፊውዙ ደህና ነበር። ነቅዬ ስለካው ይያያዛል፣ በዓይን ስታዩትም ክሩ አልተበጠሰም። ችግሩ የተሰካበት ቦታ ነበር። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን አንደኛው መያዣው ተሰብሮ በትንሹ ተነሥቷል፤ መኪናው ሲታጠብ ውሃ ይገባል። የፊውዙ እግር የሚጨበጥበት መንጋጋ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ነበር። ፊውዝ ነቅሎ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህን አያገኝም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወጣው ጅረት እየሄደ በቦታው ላይ የሚደረግ ልኬት ነው።

ጥገናው ከፍለጋው ቀለለ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ፣ መንጋጋውን በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ አርሼ በቀጭን የፕላስቲክ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ላልቶ ስለነበር ጠበቅ አደረግሁት፣ አዲስ ፊውዝ ሰካሁ፣ የክዳኑንም መያዣ አስተካከልኩ። ሞተሩን አስነሥቼ በዚያው 2000 ዙር ስለካ ባትሪው 14.2፣ የሚለካው ሽቦ 14.2፣ የበራው አምፖል ሶኬት 13.8 አነበቡ። መብራቱ ማታ ስታዩት ከበፊቱ ትንሽ ቀላ ያለ ይመስላል፤ ትክክለኛው ቀለሙ እሱ ነው።

በሁለቱም ጎን አዲስ መደበኛ አምፖል አንድ ላይ ገጠምኩ። ያለፉበትን ስለማላውቅ አሮጌውን ከአዲስ ጋር ማጣመር አልፈለግሁም። ባለ 60/55 ዋት ቦታ ላይ ባለ 100/90 ዋት እንድገጥምም ተመክሬ ነበር፤ «ወፍራም ክር ይችላል» ነው ምክንያቱ። ወፍራሙ ክር ይችል ይሆናል፣ ሶኬቱና ማብሪያው ግን ለዚያ ጅረት አልተሠሩም፤ አንጸባራቂውም በሙቀቱ ይበላሻል።

በተለመደው መንገድ ስትለኩ የሚለካው ሽቦና ባትሪው አንድ ዓይነት ከፍተኛ ቁጥር ካሳዩ፣ ማለትም ሁለቱም 15.6 ካሉ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው፤ ዲናሞው ተፈትቶ ይጠገን ወይም ይቀየር። አንዳንድ ዲናሞዎች ደግሞ ይህ ሽቦ ጭራሽ የላቸውም፤ የራሳቸውን ውጤት ራሳቸው ይለካሉ፣ እነሱ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማለት በቀጥታ ሬጉሌተር ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ መኪኖች ደግሞ ቻርጁን የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ስለሆነ ቮልቴጁ ሆን ተብሎ ከ12.5 አካባቢ እስከ 15 ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አንዴ 14.9 ማየት ብልሽት አያሰኝም፤ መብራቱን አብርታችሁ ጥቂት ደቂቃ እየነዳችሁ ንባቡን መከታተልና ከመኪናው የጥገና መመሪያ ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

አምፖል የሚያቃጥለው አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲናሞውን ተዉት፣ በእጃችሁ ሥሩ። የመብራቱን ቤት ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ከማሰሪያዎቹ አንዱ ተሰብሯል ወይም ላልቷል፣ ያ ጎን ከዚህ በፊት ተገጭቶ ከነበረ ደግሞ ይህ በጣም የሚጠበቅ ነው። ከውስጥ ጤዛ ወይም የተጠራቀመ ውሃ ካለ የጎማ ሽፋኑን ተመልከቱ፤ ተቀዶ ወይም በትክክል ሳይገጠም ቀርቶ ይሆናል። ሶኬቱ ከጠቆረ እሱን ከነሽቦው ጫፍ ቀይሩት፤ አዲስ አምፖል በቀለጠ ሶኬት ላይ መሰካት አዲሱንም ያሞቀዋል።

ባትሪው ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ቻርጅ ሲደረግ ከቆየም ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ ውሃውን እዩ፤ ሳህኖቹ ከውሃው በላይ ወጥተው ከታዩ ዲስቲልድ በሚባለው የተጣራ ውሃ ብቻ ሙሉት፣ አሲድ አይጨመርም። የእኔ በሁለት ቤቶቹ ላይ ጎድሎ ነበር፤ ከሞላሁት በኋላ እስካሁን ሞተሩን ያለ ችግር እያስነሣ ነው።